የአባቴ ግጥም ሐውልት ላይ ሊጻፍ ነው፤ ስንኙ የት ላይ ይቆረጥ?

የሹፌሩ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። የተቀበረው ከእናቴ ጎን ነው። ለሁለቱም አንድ ሐውልት እያሠራን ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ደብተሩ ላይ የጻፋት አራት ስንኝ አለች። እሷን ድንጋዩ ላይ ለማስቀረጽ ተስማማን። ደብተሩ ላይ ያለችው እንዲህ ናት፤ ነጥብም ሰረዝም የላትም።

ከእንግዲህ አልሄድም በቅቶኛል መንገዱ
ያልኩሽ ዕለት ማታ አንቺን ይዘው ሄዱ
አሰብ ድረስ ስንቴ ብቻዬን ነድቼ
እዚህ ደብር ግቢ እደርሳለሁ መቼ

ችግሩ የድንጋዩ ስፋት ነው። ከዳር ከዳሩ ተትቶ ለጽሑፍ የሚቀረው 55 ሴንቲ ሜትር ነው። ሐውልት ሠሪው አንዱ ፊደል ከነክፍተቱ 3 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፣ ከዚያ ካነሰ አቧራ ይሞላውና አይነበብም አለን። ስለዚህ አንድ መስመር ላይ የሚገባው 18 ፊደል ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም እንደ ፊደል ይቆጠራል። እሱ በወረቀት ሠርቶ የሰጠን ይኸውና፦

ከእንግዲህ አልሄድም በቅቶኛል
መንገዱ ያልኩሽ ዕለት ማታ
አንቺን ይዘው ሄዱ አሰብ
ድረስ ስንቴ ብቻዬን ነድቼ
እዚህ ደብር ግቢ እደርሳለሁ
መቼ

ታላቅ ወንድሜ «አንድም ቃል አልተቀየረም፣ ምን ቸገረሽ?» ይለኛል። እኔ ግን ሳነበው የአባቴ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። እውነት ልዩነት አለው? ወይስ ሐዘኑ ነው?

ሐረግ ቆጣሪ

ነፍስ ይማር እህቴ። ሐዘኑ አይደለም፣ ልዩነት አለው። ሦስተኛውን መስመር ብቻ ለይተሽ አንብቢው። «አንቺን ይዘው ሄዱ አሰብ» ይላል። እናትሽን አሰብ ወሰዷቸው ማለት ነው! ሰው ሐውልት ሲያነብ መስመር በመስመር ነው። «ድረስ» የሚለው ቃል ከታች መጥቶ እስኪያርመው ድረስ እናትሽ አሰብ ናቸው። ቃሉ አልተቀየረም ያለው ወንድምሽ ትክክል ነው። የተቀየረው የቃሉ ጎረቤት ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ ተመለሺ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ወረቀት ውሰጂና ከመጀመሪያው ስንኝ በታች ያለውን ሁሉ ሸፍኚ። ከዚያ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው አሳዪውና ማን ምን እያለ እንደሆነ ጠይቂው። መልሱን ሳትረሺው ጻፊው። ከዚያ ሁለተኛውን ስንኝ ግለጪለት።

የሹፌሩ ልጅ

ጎረቤታችንን ጠየቅኳት። በመጀመሪያው ስንኝ «አንድ ሰው ሥራ ሊያቆም ነው፣ ደክሞታል፣ ቤቱ ሊቀመጥ ነው» አለች። ሁለተኛውን ስገልጥላት ዝም አለች። ቆየት ብላ «ውይ፣ ለካ አልፏል» አለችኝ።

ሐረግ ቆጣሪ

«ለካ አልፏል» ያለችው ነገር ነው ግጥሙ። ጎረቤትሽ በአንድ ቃል ጨረሰችው።

እንዴት እንደተሠራ ልንገርሽ። «ከእንግዲህ አልሄድም በቅቶኛል መንገዱ» ብቻውን ሲቆም ሙሉ ንግግር ነው። ግሡ አለ፣ ሐሳቡ ተዘግቷል፣ ቤት መምቻውም እዚያው ነው። አንባቢው ይህን አሁን የሚነገር አድርጎ ነው የሚቀበለው። አባትሽ ዛሬ ቆርጠዋል፣ መንገድ በቅቷቸዋል፣ ገና የሚመጣ የዕረፍት ጊዜ አለ። ከስንኙ መጨረሻ እስከ ቀጣዩ ስንኝ መጀመሪያ ባለችው ትንፋሽ ውስጥ አንባቢው በዚያ ተስፋ ውስጥ ይኖራል።

ከዚያ «ያልኩሽ» ይመጣል። በአማርኛ የሰው ንግግር መጀመሪያ ይመጣል፤ «አለ»፣ «አልኩ» የሚለው ከኋላው ነው የሚከተለው። ስለዚህ የሰማነው ነገር የማን እንደሆነና መቼ እንደተባለ የምናውቀው ከሰማነው በኋላ ነው። አባትሽ ያደረጉት ይህን የቋንቋችንን ጠባይ ወስደው መሀሉ ላይ ስንኝ መቁረጥ ነው። «ያልኩሽ» ሲመጣ የመጀመሪያው ስንኝ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል። ውሳኔ የነበረው ትዝታ ይሆናል። የመጨረሻዋን ፊደል ደግሞ እያት፣ «ሽ»ን። እስከዚያ ድረስ የሚነገረው ለማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። እናትሽ ወደ ግጥሙ የገቡት በዚያች በአንዲት ፊደል ነው። እንደገቡም በዚያው ስንኝ ይወጣሉ።

ሐውልት ሠሪው ግን «መንገዱ»ን ከላይ ቆርጦ ከ«ያልኩሽ» ጋር አንድ መስመር ላይ አደረገው። «መንገዱ ያልኩሽ ዕለት ማታ» ይላል አሁን። ትንፋሿ ጠፋች። አንባቢው ተስፋውን ይዞ የሚቆምባት ቦታ የለም።

ገጣሚው ከደብረ ማርቆስ

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ሐሳብ ከስንኝ ወደ ስንኝ ማሻገር የፈረንጅ ግጥም ጠባይ ነው። የእኛ ግጥም ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት ይመታል፣ ቤቱ ሲመታ ሐሳቡም ያልቃል። ሰውየው መንገዱ ሲል «ሄዱ» መጣለት፣ በቃ። «በቅቶኛል መንገዱ» ብሎ ያገላበጠውም ለቤት መምቻ ሲል ነው። በደንቡ «መንገዱ በቅቶኛል» ነበር የሚባለው። ደግሞ ልኩን እዩት። ፊደሉን ቆጠርኩት፣ 20፣ 18፣ 16፣ 16 ነው። የተመጠነ አይደለም። ልኩ እኩል ባልሆነ ግጥም ላይ እዚህ ቆረጠ እዚያ ቆረጠ ማለት ምንድን ነው?

ሐረግ ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ሁለት ሁለት እየሆነ መዝጋቱ እውነት ነው፤ እዚህም ሐሳቡ የሚያልቀው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው። ግን በሁለቱ ስንኞች መካከል ምን እንደሚሆን አላየህም። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው፣ «ሆኖ»፣ «ብሎ»፣ «ሲመጣ» እያለ። ይህ ከማንም የተዋስነው አይደለም። እዚህ ልዩ የሆነው የመጀመሪያው ስንኝ አለመንጠልጠሉ ነው። ያለቀ ይመስላል። አላለቀም።

«በቅቶኛል መንገዱ» ለቤት መምቻ ተገላብጧል ያልከውንም አልከራከርህም። እዚያ ላይ ከዚያ የበለጠ ነገር አላየሁም። አራተኛው ስንኝ ላይ ያለው መገላበጥ ግን ሌላ ነው። እመለስበታለሁ።

ልኩን በተመለከተ ግን የቆጠርከው የዓይኑን ነው፤ የሚቆጠረው የጆሮው ነው። ሳድሱ ድምፅ ሳይኖረው ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ሲጣበቅ ለብቻው አይቆጠርም። «አልሄድም» አምስት ፊደል ነው። በአፍህ ግን አል፣ ሄ፣ ድም ነው፤ ሦስት። «እደርሳለሁ» እ፣ ደር፣ ሳል፣ ለሁ ነው፤ «ለሁ»ን ስንናገራት አንድ ናት። እንዲህ ስትቆጥር እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ሲደመር ስድስት ይሆናል። የታወቀው የወል ቤት ነው። ሹፌሩ አንድም ቦታ አልሳቱም።

ገጣሚው ከደብረ ማርቆስ

በእጄ እያጨበጨብኩ ደግሜ ቆጠርኩት። ስድስት ስድስት ነው። ልኩን በተመለከተ ተሳስቻለሁ። ስለ መሻገሩ ግን ገና አላመንኩም።

የሚሌ መንገድ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ በዚያ መንገድ ረዳት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሰብ ለእኛ ወደብ የነበረችው እስከ 1990 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። የሚሌ ሙቀት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ጎማ እንዳይፈነዳ በሌሊት ነበር የምንሄደው። ዲችኦቶ ተራራ ላይ ፍሬን የግሎ የሚሸተው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ግጥም አላውቅም። ግን አንድ ነገር አስገረመኝ። አሰብ ብቻውን የነዳ ሹፌር አላውቅም። ሁልጊዜ ረዳት አለ። ጎማ ማን ይቀይራል? ዕቃ ማን ይጠብቃል? አባትሽ «ብቻዬን ነድቼ» ያለው ለምንድን ነው? ረዳት አልነበረውም?

የሹፌሩ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ረዳት ነበረው። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ቤት ይመጡ ነበር። እስካሁን «ብቻዬን» የሚለውን ልብ ብዬ አላየሁትም። አሁን ሳየው ጨነቀኝ።

ትዕግሥት ነኝ

እኔ በሌላ ነገር ልምከርሽ። ነጭ እብነ በረድ እንዳታደርጉ። የእናቴን ነጭ አድርገን በሁለት ክረምት ፊደሉ ጠፋ። ጥቁር ግራናይት ይሻላል፣ በወርቃማ ቀለም። ዋጋውንም ሦስት ቦታ ጠይቂ። እኛ የሠራልን ሰው ቀሪውን ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ስልክ አላነሳም።

ሐረግ ቆጣሪ

የጋሼ ጥያቄ ከእኔ ትንታኔ ሁሉ ይበልጣል። እኔ «ብቻዬን»ን ዝም ብዬ ነበር ያለፍኩት።

የት እንደተቀመጠች ተመልከቱ። ሦስተኛው ስንኝ መሀል ላይ ዕረፍት አለ። «አሰብ ድረስ ስንቴ» ብለን ትንሽ እንቆማለን፤ ከዚያ «ብቻዬን ነድቼ» ይላል። ለልኩ ብቻ ቢሆን ሦስት ምት ያለው ሌላ ቃል ይገባ ነበር። «መኪና ነድቼ» ማለት ይቻል ነበር። መ፣ ኪ፣ ና፤ ልኩ ይሞላል። እሳቸው ግን እውነት ያልሆነውን መረጡ። ረዳቱ ጎናቸው ተቀምጦ ብቻዬን አሉ። ያለ እሷ ማለት ነው ብዬ ነው የምወስደው።

«ነድቼ» ደግሞ ስንኝ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ ነው የቀረችው። ገና ሌላ ግሥ ትጠብቃለች። ነድቼ ምን ሆንኩ? ነድቼ ተመለስኩ? አማርኛ የሚያውቅ ሰው ጆሮው ወደፊት ዘንበል ይላል። እንግዲህ የአንደኛውና የሦስተኛው ስንኝ አቆራረጥ ለየቅል ነው። አንደኛው ያለቀ መስሎን ያታልለናል፤ ሦስተኛው እንዳላለቀ በግልጽ ነግሮን ያስጠብቀናል። የምንጠብቀው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ አሰብን ያህል። የሚመጣው ግን «እዚህ ደብር ግቢ» ነው።

ሰላም ከአዋሳ

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። «ያልኩሽ» ሲጀምር «ያል» ነው የሚለው። ዓይናችን ለሰከንድ እንደ አፍራሽ ነው የሚያነበው፣ ያልሄደ፣ ያልመጣ እንደምንለው። ስለዚህ ቃሉ ውስጥ እምቢታ ተደብቋል። «አንቺን ይዘው ሄዱ» ደግሞ ቀብሩ ነው። ሬሳውን ተሸክመው ሄዱ ማለቱ ነው።

የሹፌሩ ልጅ

ቀብሩ እንኳን አይደለም። ማታ ማን ይቀብራል? የዚያን ዕለት ማታ እናቴን ጎረቤቶች በሰው መኪና ሆስፒታል ወሰዷት። አባቴ ያን ቀን ነበር ከመንገድ የገባው። ከእንግዲህ ቤቴ ነኝ ብሏት ራት እየበሉ ነበር። እሱ የቤት ቁልፍ ሲፈልግ መኪናው ሄደ። ከኋላቸው በእግሩ ነው የደረሰው። እናቴ አልተመለሰችም።

ሐረግ ቆጣሪ

አሁን «ይዘው ሄዱ» ገባኝ። ማን ይዞ እንደሄደ ስም የለም። የ«ይዘው»ና የ«ሄዱ» መጨረሻ ብቻ ነው ብዙ ሰዎች መሆናቸውን የሚነግረን። «አንቺን» ደግሞ ከዕረፍቱ ቀጥሎ፣ ከግሡ በፊት ተቀምጣለች። የመንገድ ሰው እኔ ነበርኩ፣ የተወሰድሽው ግን አንቺ ነሽ እንደማለት ነው። ግሡ ራሱ ሁለቴ ይመጣል። መጀመሪያ «አልሄድም» ሆኖ፣ በመጨረሻ «ሄዱ» ሆኖ። እሳቸው መሄድ ባቆሙበት ቀን ሌሎች ሄዱ። መኪና እየነዳ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ያን ማታ የሰው መኪና ጥሎት ሲሄድ አየ።

ሰላም፣ የ«ያል» ነገር አላሳመነኝም። ግጥም ጮክ ብሎ ሲነበብ «ያልኩሽ» ከመቼው ያልቃል፤ ጆሮ እምቢታ ለመስማት ጊዜ የለውም።

ሰላም ከአዋሳ

ቀብር ያልኩት ስህተት ነበር፣ ይቅርታ እህቴ። «ያል»ን ግን አልተውም። ሐውልት የሚነበበው በዓይን ነው።

መምህርት በጡረታ

ስለ መጨረሻው ስንኝ ማንም አልተናገረም። «እደርሳለሁ መቼ» የሚለውን ወንድምሽ የጥያቄ ምልክት ላድርግበት ይል ይሆናል። እንዳታስደርጉ ነው የምለው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

በአማርኛ «መቼ» ሁለት ሥራ አላት። አንዱ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ቀኑ የትኛው ነው የሚል። ሌላው ጥያቄ መስሎ ማፍረስ ነው። «መቼ በላሁ!» ስንል አልበላሁም ማለታችን ነው። እዚህ ሁለቱም ይሄዳሉ። አንደኛው፣ እኔስ ተራዬ መቼ ነው፣ መቼ ነው አጠገብሽ የምተኛው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አሰብ ድረስ የነዳሁ ሰው እዚህ ቅርብ ያለ ደብር ግቢ መድረስ አቃተኝ፣ መቃብርሽን ማየት አልቻልኩም የሚል ነው። «?» ካስገባችሁ ወደ መጀመሪያው ይደፋል። «!» ካስገባችሁ ወደ ሁለተኛው። አባትሽ ምንም ያላደረጉበት ይመስለኛል ሁለቱንም ስለፈለጉ ነው።

ሐረግ ቆጣሪ

እመለስበታለሁ ያልኩት መገላበጥ ይኸው ነው፤ እትዬ ቀደሙኝ። በተለመደው አነጋገር «መቼ እደርሳለሁ» ነው። «እደርሳለሁ» ቀድሞ ሲመጣ ግን አንባቢው ለአንድ አፍታ ደረሰ። ከዚያ «መቼ» መጥታ ትወስድበታለች። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ የሆነው እዚህ በአንድ ስንኝ ውስጥ ተደገመ። ሰጥቶ መውሰድ ነው።

ግን ትርጉሙ ላይ እኔ ከእትዬ እለያለሁ። «መቼ» የምታፈርሰው ከግሡ በፊት ስትመጣ ነው። «መቼ በላሁ» እንላለን፣ «በላሁ መቼ» ብለን አናፈርስም። ስለዚህ እውነተኛ ጥያቄ ነው የሚመስለኝ። የሞታቸውን ቀን እየጠየቁ ነው።

መምህርት በጡረታ

ግጥም ውስጥ ቦታ ለቤት መምቻ ይለወጣል፤ ትርጉሙ ግን አብሮ አይሄድም። ራስህ «በቅቶኛል መንገዱ» ላይ ያመንከው ይህን አይደል? አባትየው መቃብሩን ይጎበኙ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ልጃቸው ትንገረን።

የሹፌሩ ልጅ

እትዬ፣ አይጎበኝም ነበር። በዓመት መታሰቢያዋ እንኳን እኛ ስንገባ እሱ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር የጠበቀን። ግን «እኔንስ መቼ ይወስደኛል» ማለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ወንድሜ ይህን ክር አንብቦታል። «አንቺን ይዘው ሄዱ አሰብ» የምትለዋን ሲያይ ደነገጠ። የሐውልት ሠሪውን አቆራረጥ ትቷል። አሁን ግን ሌላ ሐሳብ አምጥቷል። የመጀመሪያውን ስንኝ በጥቅስ ምልክት እንክበበው ይላል። ሰው አባቴ ራሱ ሳይሄድ የቀረ እንዳይመስለው።

መምህርት በጡረታ

ጥቅሱን ተዉት። ምልክቱ ገና ከመጀመሪያው ፊደል በፊት ይህ የተባለ ነገር ነው ብሎ ያሳብቃል። ጎረቤትሽ «ለካ አልፏል» አትልም ነበር፤ ማለፉን አስቀድማ ታውቀዋለች።

ሐረግ ቆጣሪ

እስማማለሁ። አቆራረጡን በተመለከተ ድንጋዩ 18 ብቻ ከያዘ መፍትሔው ስንኙን በዕረፍቱ ላይ ከሁለት መክፈል ነው። ረጅሙ ሐረግ «ከእንግዲህ አልሄድም» ከነባዶ ቦታው 12 ነው። በ36 ሴንቲ ሜትር ይገባል።

ከእንግዲህ አልሄድም
      በቅቶኛል መንገዱ
ያልኩሽ ዕለት ማታ
      አንቺን ይዘው ሄዱ
አሰብ ድረስ ስንቴ
      ብቻዬን ነድቼ
እዚህ ደብር ግቢ
      እደርሳለሁ መቼ

ዕረፍቱ ድሮም እዚያ ስለነበረ አዲስ ቁርጥ አልፈጠርንም። ሁለተኛው ሐረግ ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት። ስምንቱም እኩል ከተጀመሩ ከ«መንገዱ» ወደ «ያልኩሽ» ያለው ዝላይ እንደ ሌሎቹ ተራ ቁርጥ ይሆናል። ገባ ሲል ግን ዓይን ሁለት ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል፤ ትልቁ ትንፋሽ ከ«መንገዱ» በኋላ እንደሆነ ይታወቃል።

ገጣሚው ከደብረ ማርቆስ

አንድ ነገር ልበል። ሐውልት ሠሪው ሳያውቀው «መቼ»ን ብቻዋን የመጨረሻ መስመር ላይ ጥሏት ነበር። እሷን ሳያት ደነገጥኩ። ብቻዋን ድንጋይ ላይ። እውነቱን ለመናገር ያችን አንዲት ቁርጥ ወድጃታለሁ። እናንተ ናችሁ መቁረጥ ትርጉም አለው ያላችሁት!

ሐረግ ቆጣሪ

ልክ ነህ፣ ታምራለች። ግን ልኩን ትሰብራለች፣ ከ«ነድቼ» ጋር የምትመታውንም ቤት ታርቃለች። ደግሞ የአባትየው አይደለችም።

የሚሌ መንገድ

ልጄ፣ አሁን ሐውልቱ ሲቆም «እዚህ» የሚለው ቃል እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚሆነው አይደል? አባትሽ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲጽፈው «እዚህ» ሩቅ ነበር።

የሹፌሩ ልጅ

አዎ ጋሼ። እዚያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜና እኔ የሐረግ ቆጣሪን አጻጻፍ ይዘን ሄድን። ሠሪው ስምንት መስመር ከሆነ የፎቶው ቦታ ይጠብባል አለ። ገባ ያለውን በልኬት አሳየነው፤ አንድ ፊደል 3 ከሆነ ሁለተኛው ሐረግ 9 ሴንቲ ሜትር ገባ ይላል። ከእነዚህ ረጅሙ «አንቺን ይዘው ሄዱ» ከነባዶ ቦታው 11 ነው፤ 33 ሴንቲ ሜትር። ሲደመር 42። ይገባል። ጥቅስ ምልክቱን ወንድሜ ራሱ ሰረዘው። ፎቶውን ለማሳነስ እናስብበታለን።

«መቼ» ላይ ምልክት አላደረግንም። ወንድሜ ጥያቄ ነው ይላል፤ እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ። ሠሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። «መንገዱ» ላይ ቆመ። ከዚያ «ያልኩሽ» ብሎ ቀና ብሎ አየን።

ሐረግ ቆጣሪ

ገባ ያለው ልኬት በሁሉም አራት ላይ እኩል መሆኑን ከመቀረጹ በፊት በክር አስለኪው። አንዱ ከተዛባ ያ ስንኝ ተለይቶ ይታያል።